ድቤው የሚሰናከልበት ቦታ፦ በትራኮች መሃል የሚገባው ቅጽበታዊ ዝምታ ከየት ይመጣል?

ካሴት ወደ ስልክና ወደ ሜሞሪ መቅዳት ደሴ ውስጥ ዛሬም ሥራ ነው። ወጣቱ የሚፈልገውን ዘፈን ከኢንተርኔት ያወርዳል። አባቶችና እናቶች ግን ይዘውት የሚመጡት ሌላ ነው። የሠርግ፣ የመውሊድ፣ የሐድራ ካሴት። የትም የማይሸጥ፣ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው። እንዲህ ያለ ካሴት ሲመጣልህ እጅህ ይንቀጠቀጣል፤ ቴፑ ቢበላው የሚተካው የለም።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ካሴት ለሚቀዱ፣ አልበም ለሚቀይሩ፣ መጽሐፍ በድምፅ እያነበቡ ለሚያዘጋጁ ሰዎች ነው። በትራክና በትራክ መሃል ድምፁ ለአፍታ ቅንጥስ ካለባችሁ፣ እኔ የዞርኩትን ያህል እንዳትዞሩ።

ነገሩ የጀመረው ከሐይቅ በመጣ የመንዙማ ካሴት ነው። 90 ደቂቃ ካሴት፣ በአንድ ገጽ 45 ደቂቃ። መንዙማ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ አንዱ አልቆ ሌላው ሲጀመር ዝም አይባልም። መሪው ግጥሙን ሲጨርስ ተቀባዩ ያነሳዋል፤ ድቤውና ጭብጨባው ግን አያርፍም። እኔ ገጹን በኦዳሲቲ ቀድቼ፣ የሚፈልጉትን ቶሎ እንዲያገኙት ብዬ አምስት ቦታ ቆረጥኩት። ወደ ኤምፒ3 ቀይሬ በሜሞሪ ሰጠሁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የካሴቱ ባለቤት፣ አንድ ሼህ፣ ከልጃቸው ጋር ተመልሰው መጡ።

«ልጄ፣ አበጀህ፣ ጥሩ ቀድተኸዋል። ግን ድቤው ይሰናከላል።»

እኔ መጀመሪያ አልሰማሁትም። እሳቸው ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ እየመቱ ተከተሉት። አንደኛው ትራክ አልቆ ሁለተኛው ሲገባ ጣታቸው ወረደ፣ ድቤው ግን ዘግይቶ መጣ። ከዚያ በኋላ ጆሮዬ ሌላ ነገር መስማት አቃተው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ቴፑን ነው። ቺንጋው ላልቶ ይሆናል ብዬ ቀየርኩት። ገመድ ለወጥኩ። ሜሞሪም ቀየርኩ። አንድም ለውጥ የለም። ሊኖርም አይችልም ነበር፤ ቴፕ ቢንሸራተት ኖሮ ስንክሉ እኔ በቆረጥኩባቸው ቦታዎች ላይ ብቻ ባልተገኘ። ይህን ልብ በሉ። ክፍተቱ ሁልጊዜ ትራክ በሚቀየርበት ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ችግሩ ከቀረጻው አይደለም። ወይ ፋይሉ ውስጥ ነው፣ ወይ ማጫወቻው ላይ ነው። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ማየት የሥራው ግማሽ ነው።

መላ የነገረኝ ኮምቦልቻ ካምፓስ የሚማር አንድ የሰፈር ልጅ ነው። «ጋሼ፣ መንዙማውን ለጊዜው ተወውና በቀጥ ያለ ድምፅ ፈትነው» አለኝ። ማለትም የማይለዋወጥ አንድ ቃና አዘጋጅተህ፣ ሁለት ቦታ ቆርጠህ፣ ቀይረህ አጫውተው። እንዲህ ያለ ድምፅ መሃል ላይ ቅንጣት ያህል ዝምታ ብትገባ ማንም ሰው ይሰማታል። `ffmpeg` እና `lame` የተባሉትን ፕሮግራሞች ተጠቅመን በኮምፒውተሩ ላይ የጻፍነው ይኸው ነው፦

```
ffmpeg -f lavfi -i "sine=frequency=440:sample_rate=44100:duration=20" ton.wav
ffmpeg -i ton.wav -t 10 a.wav
ffmpeg -ss 10 -i ton.wav b.wav
lame -b 128 a.wav a.mp3
lame -b 128 b.wav b.mp3
```

20 ሴኮንድ የሚቆይ ቃና ለሁለት ተከፈለ፤ እያንዳንዱ 10 ሴኮንድ። ሁለቱ ዌቭ ፋይሎች በጥሩ ማጫወቻ ተከታትለው ሲጫወቱ ምንም አይሰማም። ኤምፒ3ዎቹን በሼሁ ስልክ ላይ በነበረው ዓይነት ማጫወቻ ስናጫውታቸው ግን መሃል ላይ ጥርት ያለች ቅንጥስታ። ቴፕ የለ፣ ካሴት የለ፣ ድቤ የለ። ስለዚህ ጥፋቱ መቀየሩ ላይ ነው።

ለምን? ዲጂታል ድምፅ የሚለካው በሳምፕል ነው። በሲዲ ጥራት አንድ ሴኮንድ 44,100 ሳምፕል አለው፤ 10 ሴኮንድ ማለት 441,000 ነው። ኤምፒ3 ግን ሳምፕሎቹን አንድ በአንድ አያስቀምጥም። በፍሬም ይሰበስባቸዋል፤ የአንዱ ፍሬም ልክ 1,152 ሳምፕል ነው፣ ወደ 26 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ። ግማሽ ፍሬም የሚባል ነገር የለም። ጤፍ በቁና ብቻ እንደሚሰፍር ነጋዴ ነው፤ የመጨረሻው ቁና ካልሞላ ጎደሎ አድርጎ አይሰጥም፣ በሌላ ነገር ይሞላዋል። ኤምፒ3 የሚሞላው በዝምታ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነው። መጀመሪያው ላይ ደግሞ ሌላ አለ። ኤምፒ3 ድምፁን የሚጨምቀው አጎራባች ክፍሎችን እያደራረበ ነው። የመጀመሪያውን ሳምፕል በትክክል ለማውጣት ከሱ በፊት የሆነ ነገር መኖር አለበት። ስለዚህ ቀያሪው ፕሮግራም ፊት ላይ ዝምታ ይጨምራል። ሌም የተባለው ታዋቂ ቀያሪ 576 ሳምፕል ይጨምራል። ፋይሉን ሲከፍት የሚፈታው ፕሮግራም ደግሞ በራሱ አሠራር ምክንያት 529 ሳምፕል ያዘገያል። ተደምሮ 1,105።

ይህን በዓይኔ ያየሁት የተቀየረውን ፋይል መልሰን ወደ ዌቭ ስንፈታው ነው፦

```
lame --decode a.mp3 a2.wav
```

ፕሮግራሙ ሥራውን ሲሠራ ሁለት መስመር ጻፈ፦

```
skipping initial 1105 samples (encoder+decoder delay)
skipping final 263 samples (encoder padding-decoder delay)
```

ከፊት 1,105፣ ከኋላ 263 ሳምፕል ጣልኩ ነው የሚለው። ስሌቱ ይገጥማል። 441,000 ላይ 576 ሲጨመር 441,576 ይሆናል። ይህ በ1,152 አይካፈልም፤ ስለዚህ 384 ፍሬም እስኪሞላ 792 ሳምፕል ዝምታ ተጨመረ። ከ792ቱ ላይ መፍቻው ያዘገየው 529 ሲቀነስ፣ ከድምፁ በኋላ የሚቀረው 263 ነው። እንግዲህ እነዚህን የማይጥል ማጫወቻ ምን ያሰማናል? የመጀመሪያው ትራክ ጭራ ላይ 263፣ የሁለተኛው ራስ ላይ 1,105፣ በድምሩ 1,368 ሳምፕል። 31 ሚሊ ሴኮንድ።

31 ሚሊ ሴኮንድ ምን አላት ትሉ ይሆናል። በደቂቃ 120 ጊዜ በሚመታ ድቤ ላይ ከምት እስከ ምት ግማሽ ሴኮንድ ነው። አንዱ ምት በ31 ሚሊ ሴኮንድ ዘገየ ማለት ጊዜው ከመቶ ስድስት እጅ ተለጠጠ ማለት ነው። ዕድሜውን ሙሉ በድቤ ያጨበጨበ ሰው ይሰማዋል። ሼሁ ሰምተውታል።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፦ ሌም እነዚያን ቁጥሮች እንዴት አወቀ? ፋይሉ ራሱ ነግሮት ነው። የኤምፒ3 ደረጃ ሲወጣ የድምፁን ትክክለኛ ርዝመት የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም። ኋላ ግን የሌም ሠሪዎች በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ባለች አንዲት ፍሬም ውስጥ ቦታ አበጁ። እዚያ ላይ «ከፊት 576 ጨምሬአለሁ፣ ከኋላ 792» ብሎ ይጽፋል። ያቺን ማስታወሻ የሚያነብ ማጫወቻ ትርፉን ጥሎ ትራኮቹን ያገጣጥማል። ክፍተት አልባ ማጫወት የሚባለው በመሠረቱ ይኸው ነው። ማጫወቻው ዝምታውን አይቶ እየቆረጠው አይደለም፤ ስንት እንደሆነ ተነግሮት ነው የሚጥለው። እንዲያውም ዝምታ እየፈለገ የሚቆርጥ ማጫወቻ አደገኛ ነው፤ ሆን ተብሎ የተተወውን እረፍት አብሮ ይበላል።

ፋይላችሁ ማስታወሻዋ እንዳላት ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። `ffprobe a.mp3` ብላችሁ የርዝመቱን መስመር ተመልከቱ። በ44,100 የተቀዳ ሆኖ `start: 0.025057` ካለ ማስታወሻዋ አለች፤ 1,105 ሳምፕል በሴኮንድ ሲጻፍ ያ ነው። በ48,000 የተቀዳ ከሆነ `0.023021` ይላል። ዜሮ ካለ ማስታወሻዋ የለችም ወይም ጠፍታለች።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ችግሩ የተፈታ መሰለኝ። ማስታወሻዋን የሚያነብ ማጫወቻ ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው። የሙከራው ቃና ያለ እንከን አለፈ። መንዙማውን ከፈትኩ። ድቤው ይሰናከላል!

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። `ffprobe` ይፈትሻል፣ ማስታወሻዋ አለች። ማጫወቻው ደህና ነው። ክፍተቱ ግን አለ። ምን ቀረ?

የቀረው የፋይሎቹ ታሪክ ነው። ሜሞሪው ትንሽ ስለነበረ መጀመሪያ የሠራኋቸውን ባለ 192 ኪሎቢት ፋይሎች በሌላ ያረጀ ፕሮግራም ወደ 64 አውርጃቸው ነበር። ያ ፕሮግራም ማስታወሻ ማንበብ አያውቅም። የመጀመሪያዎቹን ፋይሎች ሲፈታ ዝምታውን ከነድምፁ አወጣው፤ ከዚያ ሁሉንም እንደ ድምፅ ቆጥሮ እንደገና ጨመቀው። አዲስ ዝምታም ጨመረበት፣ አዲስ ማስታወሻም ጻፈ። ማስታወሻዋ ግን የምታውቀው ሁለተኛውን ዝምታ ብቻ ነው። የፊተኛው ዝምታ አሁን የመንዙማው አካል ሆኗል። የዓለም ምርጥ ማጫወቻ ቢመጣ ሊለየው አይችልም።

ይህን የማየት ዘዴው ለካሴት ቀጂ በተለይ ይመቻል። ፋይሉን ፈትታችሁ ኦዳሲቲ ላይ ክፈቱ። መጀመሪያው ላይ ሳምፕሎቹ አንድ በአንድ እንደ ነጥብ እስኪታዩ ድረስ አጉሉት። ካሴት ላይ ፍጹም ዝምታ የሚባል የለም። ማንም ባይናገር የቴፑ ሹክታ አለ፤ መስመሩ ሁልጊዜ ይንቀጠቀጣል። እንግዲህ መስመሩ ተሰምሮ የተዘረጋ ክር ሆኖ ካገኛችሁት፣ ያ ከካሴቱ የመጣ አይደለም። ኮምፒውተር የጨመረው ነው። እኔ ያየሁት ልክ እንዲህ ነው፦ 25 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ቀጥ ያለ መስመር፣ ከዚያ ድንገት ሹክታው፣ ከዚያ ድቤው። የቀጥታው መስመር ጠርዝ ላይ ትንሽ መንቀጥቀጥ ብታዩ አትደናገሩ፤ መጭመቁ ድምፁን ጥቂት ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚያፈሰው ነው።

ለዚህ ነው ክፍተቱ ሙዚቃ በሌለበትም የሚሰማው። አንዲት ኮምቦልቻ የሚኖሩ ዓይነ ስውር መምህርት አሉ፤ ጎረቤቶቻቸው መጽሐፍ እያነበቡ ይቀዱላቸዋል። እኔ ቀረጻውን አስተካክላለሁ። የሚቀዳው ቤት ውስጥ ነው፤ ፍሪጅ ይጮኻል፣ ከውጭ ባጃጅ ያልፋል። ዓረፍተ ነገሩ አልቆ አንባቢው ትንፋሽ ሲወስድ እንኳ የክፍሉ ድምፅ አለ። እዚያ መሃል ፍጹም ዝምታ ሲገባ ጆሮ ይነቃል፤ ክፍሉ ራሱ ለቅጽበት የጠፋ ይመስላል። የባሰው ደግሞ ፕሮግራሙ በየ10 ደቂቃው በራሱ ሲቆርጠው ነበር። ሰዓት ቃል አያይም። «ቃሉ መሃል ላይ ይሰበርብኛል፤ መልሼ ካልሰማሁት አይገባኝም» አሉኝ። መጽሐፍ የምታዘጋጁ ሰዎች፣ በሰዓት አትቁረጡ። ምዕራፍ ላይ ቁረጡ፤ ካልሆነ አንቀጽ ላይ። ከሁለቱም ወገን ግማሽ ሴኮንድ ያህል የክፍሉን ድምፅ ተዉለት። እንዲህ ከሆነ ክፍተት ቢገባም የሚጎዳው ነገር የለም።

ወደ መንዙማው ልመለስ። መፍትሔው ከመጀመሪያው ዌቭ እንደገና መጀመር ነበር፤ ደግነቱ አላጠፋሁትም። ከዌቭ በቀጥታ ወደ 64፣ አንድ ጊዜ ብቻ መቀየር። ከኤምፒ3 ወደ ኤምፒ3 አትቀይሩ። በጥራቱም በክፍተቱም ትከስራላችሁ። የመጀመሪያው ቀረጻ የጠፋባችሁ ከሆነና መቀየር ግድ ከሆነ፣ ቢያንስ ማስታወሻዋን በሚያነብ ፕሮግራም ፍቱት።

አንድ ሰው ደግሞ «ታዲያ ፋይሎቹን አንድ ላይ አትቀጥላቸውም?» ይል ይሆናል። እኔም ሞክሬዋለሁ። በዊንዶውስ `copy /b`፣ በሊነክስ `cat` ሁለት ኤምፒ3 ፋይሎችን ይቀጥላሉ፤ ይጫወታልም። ግን ክፍተቱን ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም። የመጀመሪያው ጭራ ላይ ያለው ዝምታ እዚያው ነው። የሁለተኛው ራስ ላይ ያለውም እዚያው ነው። ማስታወሻ የያዘችው የሁለተኛው ፋይል ፍሬም ደግሞ አሁን መሃል ላይ ስለገባች፣ አንዳንዱ ማጫወቻ እንደ ድምፅ ቆጥሮ 26 ሚሊ ሴኮንድ ሌላ ዝምታ ያደርጋታል። መቀጠል ከፈለጋችሁ ፈትታችሁ ቀጥሉ፦

```
ffmpeg -i a.mp3 -i b.mp3 -filter_complex "[0:a][1:a]concat=n=2:v=0:a=1" c.flac
```

ይህ ሁለቱን ከነማስታወሻቸው አንብቦ ትርፉን ይጥልና ይገጥማቸዋል። ውጤቱን ወደ ፍላክ ያወጣሁት ጥራት በሚያጠፋ መንገድ እንደገና ላለመጨመቅ ነው።

አሁን ሁለተኛው ወገን፣ ማጫወቻው። ፋይሉ ንጹህ ሆኖ ማስታወሻዋም እያለች ክፍተት የሚሰማበት ጊዜ አለ። በተለይ ሜሞሪ የሚጎርሱ ትናንሽ ስፒከሮችና ብዙ የመኪና ቴፖች እንዲህ ናቸው። አንዱን ፋይል ጨርሰው ይዘጉታል፣ ከዚያ ሜሞሪው ላይ ሁለተኛውን ይፈልጋሉ፣ ይከፍታሉ፣ ማጫወት ይጀምራሉ። ጥሩ ማጫወቻ የመጀመሪያው ሳያልቅ ሁለተኛውን ቀድሞ ፈትቶ ያዘጋጃል፤ የድምፅ መውጫውንም አይዘጋም። የመኪናው ቴፕ ያንን አያደርግም፤ ምንም ዓይነት ፋይል ብትሰጡት አይለወጥም።

መለያው ርዝመቱ ነው። ክፍተቱ ለጆሮ ቅንጥስ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም ከ30 እስከ 60 ሚሊ ሴኮንድ አካባቢ፣ ፋይሉን ጠርጥሩ። «እ...» ለማለት የሚያደርስ ከሆነ፣ ሩብ ሴኮንድና ከዚያ በላይ፣ ማጫወቻው ነው። ከተጠራጠራችሁ ቃናውን አጫውቱበት፤ ኤምፒ3ውን ብቻ ሳይሆን ዌቩንም። ዌቭ ውስጥ የተጨመረ ዝምታ የለም። በዌቭም ካቋረጠ ከማጫወቻው ጋር ተጣሉ እንጂ ፋይሉን አታስቸግሩት።

ለሼሁ ልጅ የመኪናው ጉዳይ ትልቅ ነበር፤ ከሐይቅ ወልድያ ሲመላለስ የሚያዳምጠው መኪና ውስጥ ነው። ቴፑ የማይረባ ዓይነት ነው። ለሱ ያደረግሁት ቀላል ነው፦ አልቆረጥኩም። 45 ደቂቃው አንድ ፋይል። የሚፈልገውን መንዙማ ለማግኘት ወደፊት ማሳለፍ አለበት፤ እሱ ግን ቅር አላለውም። ድምፁ የማያርፍ ነገር፣ መንዙማም ሆነ የሠርግ ጭፈራ፣ ማጫወቻው ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ በአንድ ፋይል መስጠት ይሻላል።

ስልክ ላይ ግን አንድ ፋይልም ሆኖ ምዕራፍ ሊኖረው ይችላል። `.m4b` የሚባለው የድምፅ መጽሐፍ ፋይል ለዚህ የተሠራ ነው። ድምፁ አንድ ነው፤ ምዕራፎቹ በላዩ ላይ የተጻፉ ምልክቶች ብቻ ናቸው። የሚቆረጥ ነገር ስለሌለ ክፍተትም የለም። የድሮው ሲዲም እንዲህ ነበር የሚሠራው፤ ትራክ ማለት በአንድ ረጅም ድምፅ ላይ የተደረገ ምልክት ነው። ለመምህርቷ አሁን የምሠራው በዚህ መንገድ ነው። መጀመሪያ ምዕራፎቹን በጽሑፍ ፋይል አዘጋጃለሁ፤ ሰዓቱ በሚሊ ሴኮንድ ነው፦

```
;FFMETADATA1
[CHAPTER]
TIMEBASE=1/1000
START=0
END=754000
title=ምዕራፍ 1
[CHAPTER]
TIMEBASE=1/1000
START=754000
END=1630000
title=ምዕራፍ 2
```

ከዚያ፦

```
ffmpeg -i metsihaf.wav -i miraf.txt -map_metadata 1 -c:a aac -b:a 64k metsihaf.m4b
```

ለአንድ ሰው ድምፅ 64 ይበቃል። የጽሑፍ ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 አስቀምጡት፤ አለበለዚያ የአማርኛው ርዕስ ዝብርቅርቁ ይወጣል። መምህርቷ ስልካቸው ላይ ያለው አንባቢ የምዕራፉን ስም ጮክ ብሎ ስለሚነግራቸው፣ በጣታቸው ከምዕራፍ ምዕራፍ ይዘላሉ።

የግድ በትራክ መክፈል ካለባችሁ ደግሞ ፎርማቱን ምረጡ። ፍላክ ምንም አይጨምርም፤ 441,000 ሳምፕል ካስገባችሁ 441,000 ታወጣላችሁ። ኦፐስም ጥሩ ነው። እሱም እንደ ኤምፒ3 ከፊት ትርፍ አለው፤ ግን ስንት እንደሚጣል መጻፉ ከፎርማቱ ሕግ ውስጥ ነው፤ እንደ ኤምፒ3 ኋላ የመጣ ማስታወሻ አይደለም። ስለዚህ በየመንገዱ አይጠፋም። ችግሩ የድሮ ስፒከርና የመኪና ቴፕ ኦፐስን አያውቁም። እነሱ የሚያውቁት ኤምፒ3ን ነው። ለዚህ ነው ከኤምፒ3 ጋር እስከ ዛሬ የምንታገለው።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ዝምታው የተጋገረበት ኤምፒ3 ብቻ በእጃችሁ ካለስ? ካሴቱ ጠፍቶ፣ ዌቩ ተሰርዞ። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝ ይህ ነው። ሁሉንም ትራኮች ማስታወሻቸውን በሚያነብ ፕሮግራም ፍቱ። ኦዳሲቲ ላይ በአንድ መስመር ተከታታይ አድርጋችሁ አስቀምጡ። መጋጠሚያው ጋ ሄዳችሁ አጉሉና ያንን ቀጥ ያለ መስመር ብቻ መርጣችሁ ሰርዙ። ከሹክታው አንዲት ነገር አትንኩ። ከዚያ ከአንዱ ድቤ ምት እስከ ቀጣዩ ያለውን ርቀት ለኩና፣ መጋጠሚያውን የሚያቋርጠው ምት ከሌሎቹ ጋር እኩል መሆኑን ተመልከቱ። አጥሮ ከተገኘ አብዝታችሁ ቆርጣችኋል፤ መልሱና እንደገና ሞክሩ። ክሊክ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ሁለቱ ጠርዞች በከፍታ አልተገናኙም ማለት ነው፤ አምስት ሚሊ ሴኮንድ ያህል አንዱን ባንዱ ላይ አደራርቡት።

ከዚያ በኋላ መልሳችሁ አትቁረጡት። ሙሉውን ገጽ በፍላክ፣ የየመንዙማውን መጀመሪያ ሰዓት ደግሞ ከኦዳሲቲ በጽሑፍ ፋይል አውጥታችሁ ከጎኑ አስቀምጡ። ነገ ሌላ ሰው በሌላ ፎርማት ቢጠይቃችሁ፣ ከዚያ ላይ አንድ ጊዜ ቆርጣችሁ አንድ ጊዜ ትቀይራላችሁ። እኔ የሁለቱን ፋይሎች ስም አንድ ዓይነት ነው የማደርገው፣ `haik_A.flac` እና `haik_A.txt`። በቤተሰቡ ፍላሽ ላይም ሁለቱንም እጭናለሁ።